አራርቄ ነው የወሰድኩት

መስኮቱ ፊት የቆመችው ሴት የመጣችው ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ፈልጋ ነበር። «ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል፤ ብሩሹ ሻካራ ሆኖብኝ ነው መሰለኝ» አለችኝ። ብር ለማውጣት ነጠላዋን ገለጥ ስታደርግ ከክርኗ በላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ በልዞ አየሁ። «ምን መቶሽ ነው?» ስላት ክንዷን እሷም ገና እንዳየችው ሁሉ አየት አድርጋ «ኧረ ምንም አልነካኝ፤ ዝም ብሎ ነው የወጣው» አለች።

ምንም ሳይነካው የሚበልዝ ገላና የሚደማ ድድ አንድ ላይ ሲመጡ ፋርማሲስት ቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ። «ዋርፋሪን ትወስጃለሽ?» አልኳት። ትወስዳለች። በልጅነቷ እየተመላለሰ ይይዛት የነበረው የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቯን ጎድቶት ኖሮ፣ ከ6 ዓመት በፊት በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተተክቶላታል። ከዚያ ወዲህ ደም ቫልቩ ላይ እንዳይረጋ በየቀኑ 5 ሚሊ ግራም ዋርፋሪን ትውጣለች። ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው ምርመራ፣ እነሱ አይኤንአር የሚሉት፣ ከአንድ ወር በፊት 2.8 ነበር። ሐኪሟ የሚፈልገው ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ነው። ደብተሯን አውጥታ አሳየችኝ፤ ቁጥሮቹ ለወራት ከመስመር ያልወጡ ነበሩ።

«በቅርቡ የጀመርሽው ሌላ መድኃኒት አለ?»

«የአሜባ ነው። ሜትሮ። ዛሬ 6ኛ ቀኔ ነው።» ከዚያ ፊቴ ላይ አንድ ነገር አንብባ ነው መሰለኝ ቶሎ ብላ ጨመረች፦ «ግን አራርቄ ነው የወሰድኩት፣ ዶክተር።»

ስልኳን ከፍታ የደወል ሰዓቶቿን አሳየችኝ። ሜትሮኒዳዞሉን ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ትውጣለች። ዋርፋሪኑን ደግሞ ከሁለቱም ወገን 4 ሰዓት እንዲርቅ ብላ ምሽት 12 ሰዓት ላይ አድርጋዋለች። አንድም ጊዜ አላዛነፈችም። መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር እንዳይጋጭ አራርቆ መዋጥ ነው ተብላ የሰማችውን ከልቧ ፈጽማለች። ያን ዕለት ወደ ልብ ክትትሏ ልኬያት ስትመረመር አይኤንአሯ 7.4 ሆኖ ተገኘ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ንግግሯ ነው። ማራራቅ የሚባለው ነገር እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ያድናል። ግን የሚሠራው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ያንን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንቲባዮቲክ ከሌላ መድኃኒት ጋር በአብዛኛው የሚገናኘው ወይ ሆድ ውስጥ ነው፣ ወይ ጉበት ላይ። ሆድ ውስጥ ሲሆን ሁለቱ መድኃኒቶች ገና ወደ ደም ሳይገቡ ይገናኙና ይያያዛሉ። አንዱን አስቀድሞ፣ እሱ ካለፈ በኋላ ሌላውን ቢያስከትሉ አይገናኙም፤ ሰዓት ማራራቅ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። ጉበት ላይ ሲሆን ግን አንቲባዮቲኩ ሌላውን መድኃኒት አግኝቶ አይነካውም። የሚለውጠው ያንን መድኃኒት ሰባብሮ የሚያስወግደውን የጉበቱን ሥራ ነው። ጉበት ደግሞ ሌሊትም ቀንም ይሠራል። በ4 ሰዓት አራራቁት በ12 ሰዓት፣ ለጉበት ያው ነው።

ከሆድ እንጀምር። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ፣ እንዲሁም ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን፣ እንደ አሉሚኒየም፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ አይረንና ዚንክ ያሉ ማዕድናትን ሲያገኙ አጥብቀው ይይዛሉ። ተያይዘው የሚፈጥሩትን ነገር አንጀት መምጠጥ አይችልም፤ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ለቃር የምንጠጣው ነጭ የጨጓራ ሽሮፕና የሚታኘከው ክኒን የሚሠሩት ከእነዚሁ ከአሉሚኒየም፣ ከማግኒዥየም ወይም ከካልሲየም ነው። ሲፕሮ ከእንዲህ ያለ ሽሮፕ ጋር በአንድ ጊዜ ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን እስከ 90 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ከአይረን ክኒን ጋር ሲሆን ደግሞ ከግማሽ በላይ ይባክናል።

የዚህኛው ክፋቱ ምልክት የሌለው መሆኑ ነው። አያሳክክም፣ አያስመልስም፣ አያዞርም። በሽተኛው መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ ትኩሳቱ በ4ኛውና በ5ኛው ቀንም አይበርድለትም። «ሲፕሮ አልሠራልኝም» ይልና ወደ ሌላ፣ ጠንከር ወዳለ አንቲባዮቲክ ይዛወራል። እውነቱ ግን ሲፕሮው ሰውነቱ ውስጥ አልገባም ነበር። ባክቴሪያውም ሊገድለው በማይችል ትንሽ መጠን እየተነካካ መድኃኒቱን መልመጃ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ አንቲባዮቲክ አልሠራልኝም ብሎ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ ከምን ጋር እንደዋጠው ሳልጠይቅ አልሸኘውም።

ለሲፕሮ የተለመደው ደንብ ይህ ነው፦ ሽሮፑን ወይም አይረኑን ከመውሰድ 2 ሰዓት በፊት፣ ወይም ከወሰዱ 6 ሰዓት በኋላ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ያልሆኑት ሲፕሮ ባዶ ሆድ ላይ ቶሎ ስለሚመጠጥ ነው፤ ቀድሞ ከገባ 2 ሰዓት ይበቃዋል። ማዕድኑ ቀድሞ ከገባ ግን አንጀት ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ ሲፕሮው ከኋላ መጥቶ ሊይዘው ይችላል።

ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያስጨንቅ ይመስላል፣ በቀን ውስጥ ስናስቀምጠው ግን በቂ ቦታ አለው። ለታይፎይድ ሲፕሮ በየ12 ሰዓቱ የታዘዘላትን፣ ከዚያ በፊትም ለደም ማነስ አይረን፣ ለቃር ደግሞ ነጩን ሽሮፕ የምትወስድን አንዲት እናት እናስብ። ሲፕሮውን ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ ታድርገው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ያለው ጊዜ ነፃ ነው፤ ከጠዋቱ ሲፕሮ 2 ሰዓት አልፎታል፣ እስከ ማታው ደግሞ ቢያንስ 6 ሰዓት ይቀራል። አይረኑን 4 ሰዓት ላይ ትውሰድ። ሽሮፑን ከምሳ በኋላ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠጣ፤ ሽሮፑ አይረኑንም ስለሚያደክመው እነሱም ቢራራቁ ጥሩ ነው። ማታ ቃሩ ካስቸገራት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስትተኛ ደግማ ልትጠጣ ትችላለች። እስከ ማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት 9 ሰዓት ተኩል አለ። ከቀትር በኋላ ከ7 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ግን ሽሮፑም አይረኑም አይነኩም።

ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ፣ እኔ ብዙ ጊዜ የምመርጠው እሱን ነው። አይረን ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ስለሆነ ለሐኪሟ ነግራ ሲፕሮውን እስክትጨርስ አንድ ሳምንት ብታቆመው ደሟን የሚጎዳ ነገር የለም። ዶክሲሳይክሊን ሲሆን ደግሞ ይህ ምርጫ ይበልጥ ያስኬዳል። ዶክሲ ደም ውስጥ ከገባ በኋላም ከሐሞት ጋር ተመልሶ ወደ አንጀት ይፈሳል፤ እዚያ አይረን ካገኘ ይያዛል። በዚህ የተነሳ አይረንና ዶክሲን በሰዓት ማራራቅ ሙሉ መፍትሔ አይሆንም። ነፍሰ ጡር የሆነችና ለእርግዝናዋ አይረን የምትወስድ ሴት ግን ጉዳይዋ ሌላ ነው፤ ሲፕሮም ዶክሲም ለእርጉዝ በተለምዶ ስለማይሰጡ፣ ከማራራቁ በፊት እርጉዝ መሆኗን መናገር አለባት።

ወተትም አለ። «ባዶ ሆድ እንዳይከብደኝ» ብሎ መድኃኒትን በወተት ወይም በእርጎ የሚያወራርድ ብዙ ሰው አለ። ወተት ካልሲየም ነው፤ ሲፕሮን ይቀንሰዋል። ውኃ በቂ ነው። በሌላ በኩል ኦሜፕራዞል እንደ ነጩ ሽሮፕ «የጨጓራ መድኃኒት» ቢባልም ማዕድን ስላልሆነ ሲፕሮን አይዝም። አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞልም ከአይረን ጋር ይህ ጣጣ የለባቸውም።

አሁን ወደ ጉበት እንሂድ፣ እዚህ ሰዓት አይረዳንም።

ስለ አንቲባዮቲክና ስለ ወሊድ መከላከያ የሚወራው ነገር ብዙ ነው፣ አብዛኛው ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ያርፋል። አሞክሳሲሊን ሲታዘዝላት «ክኒኔን አያበላሽብኝም?» ብላ የምትጨነቅ፣ አንዳንዴም ፈርታ አንቲባዮቲኩን በግማሽ የምታቋርጥ ሴት አለች። የዚህ ስጋት መነሻ አንቲባዮቲክ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ስለሚገድል ኢስትሮጅን እንደገና እንዳይመጠጥ ያደርጋል የሚል ግምት ነበር። የሆርሞኑ መጠን በደም ሲለካ ግን አሞክሳሲሊን፣ ዶክሲ፣ ሲፕሮ ወይም ሜትሮ የሚጥሉት ሆኖ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በእነዚህ ላይ ገደብ አያደርግም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። አንቲባዮቲኩ ወይም ሕመሙ ቢያስመልሳትና ክኒኑን ከዋጠች 3 ሰዓት ሳይሞላ ቢሆን፣ ሌላ ክኒን መዋጥ አለባት። ብርቱ ተቅማጥ ከቀጠለባትም ኮንዶም ትጨምር።

በእርግጥ የሚያፈርሰው አንቲባዮቲክ ሪፋምፒሲን ነው፣ ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርገው የቲቢ መድኃኒት። ይህ ከታወቀ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን የቲቢ ሕክምና ላይ የነበሩ ሴቶች የወሊድ መከላከያ ክኒን እየዋጡ ያለ ጊዜው ደም ይታያቸው ጀመር። ሪፋምፒሲን ጉበት ሆርሞን የሚያስወግዱ ኢንዛይሞችን አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጋል። አንድ ሠራተኛ በነበረበት ሥራ ላይ አምስት እንደተቀጠሩ ቁጠሩት። ክኒኑ በሰዓቱ ተውጦ ሆርሞኑ ሥራውን ሳይጨርስ ከደም ይወገዳል። ይህ ከተጀመረ በኋላ ሪፋምፒሲን ቢቆም እንኳ የተቀጠሩት ሠራተኞች ወዲያው አይበተኑም። ጉበት ወደ ነበረበት ለመመለስ 4 ሳምንት ያህል ይፈልጋል።

የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 4 ሳምንታትም ጭምር ክኒን ላይ መተማመን አይቻልም። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ይዳከማል። ይህን ነው አጥብቄ መናገር የምፈልገው፣ ምክንያቱም ክንዷ ውስጥ የተቀበረላት ሴት በየቀኑ የምትውጠው ነገር ስለሌለ መድኃኒት ላይ መሆኗን ራሷም ትረሳዋለች። «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስትባል «የለም» ትላለች። የቲቢው ክፍልና የቤተሰብ ምጣኔው ክፍል በአንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ሆነው አንዱ ስለ ሌላው ሳይሰማ ይቀራል። እንዲህ ላለች ሴት በሪፋምፒሲን የማይነኩ መከላከያዎች አሉ፦ በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌና በማኅፀን የሚገባው ሉፕ። ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው የድንገተኛ መከላከያ ክኒን ግን ከሪፋምፒሲን ጋር ኃይሉን ያጣል፤ ያ ሲያጋጥም የመዳብ ሉፕ ነው አስተማማኙ።

ወደ ድዷ የሚደማው ሴት ልመለስ።

ዋርፋሪን ጠባብ መንገድ ላይ የሚሄድ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ የቀረበው ለአይጥ መርዝነት ነበር፤ ለሰው ሕክምና የተፈቀደው በ1954 ነው። አይጧን የሚገድላትና በሽተኛውን የሚያድነው አንድ ሥራ ነው፤ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ለመሥራት ጉበት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኬ እንዳይጠቀም ያግደዋል። ልዩነቱ መጠኑ ነው፣ መጠኑንም የሚወስነው ጉበት ዋርፋሪኑን በምን ፍጥነት ያስወግደዋል የሚለው ነው። ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ዋናውን የዋርፋሪን አስወጋጅ ኢንዛይም ይዘጋዋል። ኮትሪሞክሳዞልም እንዲሁ። የሚዋጠው ያው 5 ሚሊ ግራም ነው፣ የሚወጣው ግን ስለቀነሰ ዕለት በዕለት ይከማቻል፤ 7 ወይም 8 ሚሊ ግራም እንደዋጠች ያህል ይሆናል።

ዋርፋሪን ደም ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ሜትሮው ዋርፋሪኑን ያላገኘበት ሰዓት አልነበረም፤ 4 ሰዓቱ የስልኳ ደወል ላይ ብቻ ነበር። ጉዳቱም ወዲያው አይታይም። ቀደም ሲል የተሠሩት አርጊ ፕሮቲኖች እስኪያልቁ ቀናት ይወስዳል። በ1ኛውና በ2ኛው ቀን ምንም የለም፣ ሰውም ተስማማኝ ይላል። ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ባለው ግን ድድ መድማት፣ ነስር፣ ያለ ምክንያት መበለዝ፣ የወር አበባ መብዛት ይጀምራል። በዚያ ላይ የሆድ ሕመምተኛ ምግብ ይቀንሳል፤ የቫይታሚን ኬ ትልቅ ምንጭ የሆነውን ጎመን አንድ ሳምንት ካልበላች አይኤንአሯ ብቻውንም ከፍ ይላል። በጾምና በፍስክ መካከል የጎመን መጠኗ በጣም የሚለዋወጥ ሴትም ይህንኑ ለክትትል ሐኪሟ ብትነግር ይበጃታል።

ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሞቹ ዋርፋሪኑን ለ2 ምሽት አስቆሟት፣ በየቀኑም ደሟን ለኩ። ለምን ማርከሻው ቫይታሚን ኬ በብዛት ወዲያው አልተሰጣትም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ደሙ በአንዴ ወደ መርጋት ከተመለሰ ቫልቩ ላይ ሊረጋበት ይችላል፤ ስለዚህ ቀስ እያሉ ነው የሚያወርዱት። በ3ኛው ቀን 4.1፣ በ7ኛው ቀን 3.0 ደረሰች። ሜትሮው ካለቀ በኋላ ጉበቷ ወደ ወትሮው ሲመለስ ዋርፋሪኑም ወደ ወትሮው መጠን ተመለሰ። ያ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ መጠኑ ተቀንሶ የነበረ ሰው አንቲባዮቲኩን ሲጨርስ ካልተስተካከለለት በተቃራኒው ደሙ ይረጋል። በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ቀድሞ ቢታወቅ ምን ይደረግ ነበር? ሜትሮን መከልከል ግድ አልነበረም፤ ለአሜባ የሚሰጠው ሌላው መድኃኒት፣ ቲኒዳዞልም የዚያው ቤተሰብ ነው። የሚደረገው ነገር ሌላ ነው። ሐኪሙ ሲያዝ የዋርፋሪኑን መጠን ከሩብ እስከ ሲሶ ገና ከመጀመሪያው ሊቀንስ ይችላል። አልቀነሰም ቢባል እንኳ አንቲባዮቲኩ በተጀመረ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ አይኤንአር ይለካል። ሲፕሮ፣ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ሲታዘዙም ይኸው ነው። አሞክሳሲሊን የተሻለ ገር ቢሆንም እሱም ቢሆን ምርመራ አያስቀርም። ሪፋምፒሲን ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ዋርፋሪኑን ቶሎ ስለሚያስወግደው የተለመደው መጠን ብዙ እጥፍ ቢጨመርም ላይበቃ ይችላል። ሪፋምፒሲኑ ሲቆም በዚያ በጨመረው መጠን መቀጠል ከባድ መድማት ያመጣል።

ሴትየዋ ከወር በኋላ ያንን የጥርስ ብሩሽ ልትገዛ ተመልሳ መጣች። የአይኤንአር ደብተሯ ሽፋን ላይ በእስክሪብቶ «ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ሲጀመር በ4ኛው ቀን ልኬት» ብላ ጽፋለች።

ዋርፋሪን የምትወስዱ ሁሉ፣ ለሆድ ቁርጠት ይሁን ለጉንፋን፣ ማንኛውንም አንቲባዮቲክ ከመጀመራችሁ በፊት የክትትል ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስታችሁን ጠይቁ። ሽንታችሁ ከቀላ፣ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ጭንቅላታችሁ ከተመታ ወይም ድንገተኛ ብርቱ የራስ ምታት ከያዛችሁ ቀጣዩን ክኒን ከመዋጣችሁ በፊት፣ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ።